ኦፈር ተሰጥቶ ማጣራቱ ሲበላሽ፦ የመሻሪያ ደብዳቤው ምን ይበል?

«ሐዋሳ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ለንብረት ክፍል ኃላፊነት አንድ ልጅ ተወዳድሮ አለፈ፣ ኦፈር ሰጠነው፣ ፈርሞ መለሰ። ደብዳቤው ‹የኋላ ታሪክ ማጣራቱ እንደተጠናቀቀ ሐምሌ 1 ሥራ ይጀምራሉ› ይላል። ስናጣራ ሦስት ነገር ተገኘ። የሥራ ልምድ ማስረጃው ከጥር 2012 እስከ ኅዳር 2015 ይላል፤ የቀድሞ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ግን በኢሜይል ‹ከጃንዋሪ 2020 እስከ ኖቬምበር 2022› አለን፣ ይህ ደግሞ 2014 ነው። ማስረጃው ‹የንብረት ክፍል ኃላፊ› ይላል፤ ኢሜይሉ ‹ረዳት ንብረት ያዥ› ይላል። በስልክ ያነጋገርኩት ሰው ደግሞ ‹ዕቃ ጎድሎበት ነው የወጣው› አለኝ። ማስታወቂያችን 2 ዓመት በኃላፊነት የሠራ ይጠይቅ ነበር። ‹ሐሰተኛ ማስረጃ በማቅረብዎ ኦፈሩ ተሰርዟል› ብለን ልንጽፍ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ልጁ እንዳይከፋው ‹ሌላ ቦታ ሲከፈት ቅድሚያ እንሰጥዎታለን› ይጨመር ብለዋል። ልጁ የነበረበትን ሥራ ለቋል። እንዲህ ብንጽፍ ችግር አለው?»

አለው። ያ ደብዳቤ ከቢሮ እንዳይወጣ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ልጁን ባልተረጋገጠ ነገር ይከሳል፣ ሌላው ደግሞ የማትፈጽሙትን ቃል ይገባል። አንድ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ጭራሽ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ መጣ ያላችሁትን ሰው ለሚቀጥለው ክፍት ቦታ ቅድሚያ እንሰጠዋለን ስትሉ፣ የትኛውን ነው የምታምኑት? ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የልጁ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ከቀኑ እንጀምር፤ እዚህ ላይ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ከፈረንጆች ዓመት ሁልጊዜ 8 አይቀነስም። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ እኛ ዘመን መለወጫ ድረስ 8 ይቀነሳል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን የሚቀነሰው 7 ነው። ኅዳር 1 ቀን 2015 የዋለው ኖቬምበር 10 ቀን 2022 ነበር። ስለዚህ ኢሜይሉ «ኖቬምበር 2022» ሲል ማስረጃው «ኅዳር 2015» ያለውን ነው የደገመው። ጃንዋሪ 2020 ላይ 8 መቀነስ ትክክል ስለሆነ መጀመሪያው ገጠመላችሁ። መጨረሻው ላይም 8 ስትቀንሱ አንድ ዓመት ጠፋ። ልጁ የጨመረው ዓመት የለም።

ይህን ያስረዘምኩት በየቢሮው ስለማየው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሥራ የለቀቀ ሰው ሁሉ በዚህ ስሌት «ዓመት የጨመረ» ይመስላል። ማስረጃው በአማርኛ፣ ምላሹ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀኖቹን በወርና በቀን ጭምር ገልብጣችሁ ጎን ለጎን ጻፏቸው። ሌላ ሰው ይይላችሁ። ይህን ነጥብ ከፋይሉ አውጡት፣ ከደብዳቤውም አውጡት። ሦስቱን እንዳለ ልካችሁ ቢሆን ኖሮ ልጁ ይህችን አንዷን ብቻ አፍርሶ የቀሩትንም ባላመነላችሁ ነበር።

የስልኩ ወሬ ሌላ ነገር ነው። «ዕቃ ጎድሎበት ነው የወጣው» ያለው ሰው ማን ነው? በምን ሥልጣን ተናገረ? የቆጠራ ውጤት አለ? ዕዳ ተጠይቆ ነበር? ክስ ነበር? ዋና መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ሲመልስ ይህን ለምን አልጠቀሰም? በሥራ ዓለም የቆየ ሰው እንደሚያውቀው ንብረት ክፍል ውስጥ ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው ሥራውን የለቀቀው ሰው ነው። ጉድለቱ በእሱ ጊዜ ይሁን ከእሱ በኋላ ማንም አያጣራም።

ወሬው እውነት ላይሆን ይችላል ማለቴ እንጂ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ከፈለጋችሁ ያንኑ ድርጅት በጽሑፍ ጠይቁት፦ ሲለቅ ርክክብ ፈጽሟል ወይ? ክሊራንስ ተሰጥቶታል ወይ? ለእነዚህ «አዎ» ወይም «አይ» ማለት ለእነሱም ቀላል ነው። በጽሑፍ አንመልስም ካሉ ግን ወሬው እዚያው ያበቃል። ደብዳቤ ላይ አይገባም፣ ለሥራ አስኪያጁም «እንዲህም ይባላል» ተብሎ በጎን አይነገርም። ያልተረጋገጠ ስርቆት በወረቀት ላይ ስታሰፍሩ ስም በማጥፋት ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ካሣ ያስከፍላል። በነገራችን ላይ እንዲህ ዓይነት የስልክ ምስክር ብዙ ጊዜ ስለ ልጁ ብሔርና ሃይማኖትም ጣል ያደርጋል። ይህን ጭራሽ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይም አትጻፉት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእነዚህ ምክንያቶች አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ከተገኘ ውሳኔያችሁ ምንም ያህል በሌላ ምክንያት ቢሆን ለማስረዳት ትቸገራላችሁ።

እንግዲህ የቀረው የሥራ መደቡ ነው። ይህ በጽሑፍ የተገኘ፣ ከማስታወቂያችሁ መስፈርት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ልዩነት ነው። ኦፈሩ የሚሻር ከሆነ በዚህ ብቻ ነው። ሆኖም «ልዩነት» እና «ሐሰተኛ ማስረጃ» አንድ አይደሉም። ሐሰተኛ የሚባለው ማኅተሙ የተፈበረከ፣ ፊርማው የሌላ ሰው፣ ወይም ድርጅቱ ጭራሽ ያልሰጠው ወረቀት ነው። እናንተ ይህን አላገኛችሁም። አገራችን ውስጥ የቅርንጫፍ ኃላፊ ለሚወደው ሠራተኛ የሥራ ልምድ ሲጽፍ ማዕረጉን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረጉ ያልተለመደ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ረዳት ተብሎ ተቀጥሮ ኃላፊው ሲለቅ ሥራውን ለብቻው ይይዛል፤ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው መዝገብ ግን አይስተካከልም። ወረቀቱ ትክክለኛ ሆኖ ይዘቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ይዘቱ ትክክል ሆኖ መዝገቡ ያረጀም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ልጁ ነው፤ እናንተ ግን እስካሁን ልጁን አልጠየቃችሁትም።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ኦፈሩ አንድ ነገር። «ገና ሥራ ስላልጀመረ ሠራተኛ አይደለም፣ የፈለግነውን ማድረግ እንችላለን» የሚል አስተሳሰብ ብዙ ቦታ አለ። አደገኛ ነው። በአዋጁ የሥራ ውል የሚመሠረተው ሰውየው በደመወዝ ለአሠሪው ሊሠራ ሲስማማ ነው፤ ልዩ ፎርምም አይጠይቅም። ደመወዙ፣ የሥራ መደቡና የመጀመሪያው ቀን የተጻፈበት ኦፈር በሁለቱም ወገን ከተፈረመ፣ ልጁ «ውል አለኝ» ብሎ ለመከራከር በቂ መነሻ አለው። እናንተን የሚያድናችሁ ኦፈሩ ቅድመ ሁኔታ ያለው መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ በጥሩ ሁኔታ አልተጻፈም። «ማጣራቱ እንደተጠናቀቀ» የሚለው ጊዜን እንጂ ውጤትን አይናገርም። ማጣራቱ ተጠናቋል፤ ታዲያ ልጀምር ቢል ምን ትሉታላችሁ? ሐሳባችሁ «ውጤቱ አጥጋቢ ከሆነ» እንደነበር ግልጽ ነው፣ ዳኛም እንደዚያ ሊረዳው ይችላል። ግን በዚህ ላይ አልወራረድም።

ስለዚህ የማመልከቻ ቅጹን አውጡና እዩት። ብዙ ድርጅቶች ቅጹ ግርጌ ላይ «የሰጠሁት መረጃ ትክክል ሆኖ ባይገኝ ቅጥሬ ቢሰረዝ እስማማለሁ» የሚል መስመር አላቸው። ልጁ እዚያ ላይ ፈርሞ ከሆነ አቋማችሁ በጣም ይሻላል። ካልፈረመ ደግሞ የመጨረሻው ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት ለጠበቃ አሳዩት። «እንዳይጨቃጨቅ እናስጀምረውና በሙከራ ጊዜ እናሰናብተው» የሚለውን መላ ግን ተዉት። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ዓላማው ሰውየው ለሥራው ብቁ መሆኑን ማየት ነው። ከመጀመሩ በፊት ልታባርሩት ወስናችሁ ማስጀመር ለልጁም ክፋት ነው፣ ለእናንተም ከባዱን ክርክር መጋበዝ ነው።

አሁን ወደ ልጁ። ለዛሬ የሚላከው ደብዳቤ የመሻሪያ አይደለም፤ የማሳወቂያ ነው። አዋጁ ቅድሚያ ጠይቁት ብሎ በግልጽ አያስገድድም፣ ይህ የእኔ ምክር ነው። ከወጪ አንጻር ብታዩትም አምስት የሥራ ቀን መጠበቅ ከአንድ ክርክር ይረክሳል። ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለንብረት ክፍል ኃላፊነት የሥራ መደብ ያቀረቡትን መረጃ ስናጣራ አንድ ልዩነት አግኝተናል። ያቀረቡት የሥራ ልምድ ማስረጃ ከጥር 2012 እስከ ኅዳር 2015 የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው እንደሠሩ ይገልጻል። ድርጅቱ በጽሑፍ በሰጠን ምላሽ ግን በዚሁ ጊዜ የሥራ መደብዎ ረዳት ንብረት ያዥ እንደነበር ተመልክቷል። የምላሹ ቅጂ ተያይዟል። እስካሁን ውሳኔ አልሰጠንም። ልዩነቱን የሚያስረዳ ማብራሪያ ወይም ሰነድ ካለዎት ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን። ያቀረቡትን ተመልክተን ውሳኔያችንን በጽሑፍ እናሳውቅዎታለን። ውሳኔው እስኪደርስዎት ድረስ ሥራ እንዳይጀምሩ እናሳስባለን።»

ልብ በሉ፣ ደብዳቤው «ሰነድ ካመጡ ይጀምራሉ» አይልም። የምትመለከቱ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰው ደብዳቤው ላይ ተጠንቅቆ ስልኩ ላይ ያበላሸዋል። ልጁ ደንግጦ ሲደውል «አይዞህ፣ ፎርማሊቲ ነው፣ ይስተካከላል» ይሉታል። ደግነት ነው፤ ግን ቃል መግባትም ነው። ልጁ ያንን ሰምቶ ሌላ ያገኘውን ሥራ ሊመልስ ይችላል። በስልክ የሚነገረው ይኸው ነው፦ ደብዳቤ አለ፣ እስከዚህ ቀን መልስ፣ መልስህን አይተን በጽሑፍ እናሳውቅሃለን። የሚደውልለትም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

የቅጂው ነገር ሊያሳስባችሁ ይችላል። ኢሜይሉን የጻፈው ድርጅት መልሱ ለልጁ እንደሚታይ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ አንድ አጭር መልእክት ላኩለት። ልጁ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስህተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብቱ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የታወቀ ነው። እዚያው አዋጅ ላይ ሌላም ጥያቄ ይጠብቃችኋል፦ ልጁ የቀድሞ ድርጅቱን እንድትጠይቁ ፈቅዷል ወይ? የፈቃድ ፊርማው ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ለወደፊቱ የማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ አስገቡት።

እንበልና ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ። ይዞ ሊመጣ ከሚችለው ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ግምጃ ቤቱን በስሙ መረከቡን የሚያሳይ የርክክብ ሰነድ ነው። የዕቃ ገቢና ወጪ ሰነዶች፣ ማለትም ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ላይ በኃላፊነት ሲፈርም የነበረው እሱ እንደሆነ ይናገራል። እንዲህ ከሆነ ሰነዶቹ የቀድሞ ድርጅቱ ንብረት ናቸውና ኮፒ አምጣ ብላችሁ አታስጨንቁት። ዋና መሥሪያ ቤቱን ራሳችሁ መልሳችሁ ጠይቁ፦ በዚያ ጊዜ በቅርንጫፉ ገቢና ወጪ ላይ ይፈርም የነበረው ማን ነው? እሱ ነው ካሉ የተሳሳተው መዝገባቸው ነው። ልጁ መስፈርቱን አሟልቷል፣ ሥራ ይጀምራል፤ ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛው ይበልጥ የተለመደው ነው። «ረዳት ነበርኩ፤ ኃላፊው ሲለቅ ከመጋቢት 2014 ጀምሮ በተጠባባቂነት ያዝኩት፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ልምዴን ሲጽፍልኝ ሙሉውን ጊዜ ኃላፊ ብሎ ጻፈው» ይላል፤ የተጠባባቂነት ደብዳቤውንም ያሳያል። ከመጋቢት 2014 እስከ ኅዳር 2015 ቢቆጠር ቢበዛ ዘጠኝ ወር ነው። ሁለት ዓመት አይሞላም። ልጁ አጭበርባሪ አይደለም፣ መስፈርቱንም አላሟላም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ደብዳቤው ሁለቱንም መሸከም አለበት።

እዚህ ላይ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሁለት ዓመት የሚለው መስፈርት በእርግጥ ያስፈልጋችኋል? ከእሱ ቀጥሎ የወጣው ተወዳዳሪ ሁለት ዓመት አለው? ቃለ መጠይቁን በአንደኝነት ያለፈው ልጅ በዘጠኝ ወር ልምድ ሥራውን ይችለዋል ብላችሁ ካመናችሁ፣ መስፈርቱን ማንሳት ትችላላችሁ። ግን ለሁሉም ነው የምታነሱት። ማስታወቂያውን አይተው ሁለት ዓመት የለንም ብለው ያላመለከቱ ሰዎች ስላሉ ቦታውን እንደገና ማውጣት ይኖርባችኋል። ለእሱ ብቻ ዝም ብሎ ማለፍ ለእሱ ደግነት ቢመስልም ለሌሎቹ ግፍ ነው።

መስፈርቱ የማይነሳ ከሆነ የመሻሪያው ደብዳቤ ይህ ነው፦

«ለንብረት ክፍል ኃላፊነት የሥራ መደብ የሰጠንዎት የቅጥር ኦፈር ‹የኋላ ታሪክ ማጣራቱ እንደተጠናቀቀ› ሥራ እንዲጀምሩ የሚገልጽ ነበር። ለመደቡ የወጣው ማስታወቂያ 2 ዓመት በኃላፊነት የሠራ ይጠይቃል። የቀድሞ ድርጅትዎ በጽሑፍ የሰጠንን ምላሽ እና እርስዎ ያቀረቡልንን ማብራሪያና ሰነድ ተመልክተናል። በእነዚህ መሠረት በኃላፊነት የሠሩበት ጊዜ የተጠየቀውን እንደሚያሟላ ማረጋገጥ አልቻልንም። በዚህ ምክንያት ኦፈሩን ያነሳን መሆኑን እናሳውቃለን። ውሳኔው የተሰጠው በዚህ የሥራ መደብ መስፈርት ብቻ ነው። ያስረከቡን ዋና ማስረጃዎችና የዋስትና ቅጽ ተመልሰዋል። በተጠቀሰው መረጃ ላይ ስህተት አለ የሚሉ ከሆነ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።»

ጥቂት ቃላት ላይ ቆም ልበል። ኦፈሩን በራሱ ቃል ጠቅሰነዋል፤ «በአጥጋቢ ውጤት ላይ የተመሠረተ ነበር» ብለን አላሳመርነውም፣ ምክንያቱም ልጁ ኮፒው በእጁ ነው። «አላሟሉም» ሳይሆን «ማረጋገጥ አልቻልንም» ብለናል፤ የምታውቁት እስከዚያ ድረስ ነው። «ሐሰተኛ»፣ «ማጭበርበር»፣ «እምነት ማጉደል» የሚሉት የሉም። የጉድለቱ ወሬ የለም። «በሌሎች ምክንያቶችም» የሚል ሐረግም የለም፤ ይህን ሐረግ ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ይጨምራል፣ ለልጁ ግን የማይመልሰው ክስ ይሆንበታል፤ እናንተንም ፍርድ ቤት «የትኞቹ ምክንያቶች?» ሲል ያፋጥጣችኋል።

የሥራ አስኪያጁ ዓረፍተ ነገርም የለም። ከቅንነት እንደመጣ ይገባኛል። ግን «ቅድሚያ እንሰጥዎታለን» የጽሑፍ ተስፋ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ስታወጡ ልጁ ደብዳቤውን ይዞ በራችሁ ላይ ይቆማል። ያኔ ወይ ከሌሎቹ አብልጣችሁ ትቀጥሩታላችሁ፣ ወይ ፊርማችሁን ትክዳላችሁ። «ፋይልዎን ይዘን እንጠራዎታለን» የሚለውም ያው ነው፤ ማንም ፋይል አያገላብጥም። መልካም ነገር ማለት ከፈለጋችሁ እውነት የሆነውን በሉ፦ «ወደፊት በምናወጣቸው ማስታወቂያዎች እንደ ማንኛውም አመልካች መወዳደር ይችላሉ።» አሁን የረዳትነት ክፍት ቦታ ካላችሁና ልጁን የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ በተስፋ ሳይሆን በራሱ ደብዳቤ፣ በራሱ ደመወዝ፣ እንደ አዲስ ኦፈር ስጡት። «ጉዳዩ ለማንም አይነገርም» ብላችሁም አትጻፉ። ፍርድ ቤት ፋይሉን ከጠየቀ ትሰጣላችሁና።

ስለ አሰጣጡ። ሥራ አስኪያጁ ወይም እናንተ ልጁን አስጠርታችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ ምክንያቱን በአጭሩ ተናግራችሁ ደብዳቤውን ስጡት፤ ቀሪው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርም። ፊርማው መቀበሉን እንጂ መስማማቱን አያሳይም፣ ይህንንም ንገሩት። ከዚያ ግርጌ ያለችውን «ግልባጭ» ተመልከቷት። በልማድ ለፋይናንስ፣ ለንብረት ክፍል፣ ለጥበቃ ክፍል ሁሉ ግልባጭ ይደረጋል። ይህ ደብዳቤ ግልባጩ የግል ማኅደሩ ብቻ ነው። የጥበቃ ክፍል ማወቅ ያለበት ሐምሌ 1 አዲስ ሠራተኛ እንደማይገባ እንጂ ለምን እንደማይገባ አይደለም። የሰው ኃይል ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይህን ልጅ ተጠንቀቁት» ብሎ ስምና ፎቶ መለጠፍ ደግሞ ከነጭራሹ የማይታሰብ ነው። አይቼዋለሁ፣ ለዚህ ነው የምናገረው።

ዋሱንም አትርሱ። ዋስ የሆነለት ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ፈርሟል። ኦፈሩ ሲነሳ ዋስትናው ምንም የሚሸከመው ነገር የለም፤ ግን ወረቀቱ እናንተ ጋ እስካለ ድረስ ሰውየው የራሱ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዋስትና ላይ ነህ» እየተባለ ለሌላ ዘመዱ መፈረም ሊከለከል ይችላል። ዋናውን መልሱ፤ ለዋሱ መሥሪያ ቤትም ዋስትናው መውረዱን በሁለት መስመር ጻፉ። ምክንያቱን አትጻፉ።

ስለ ቀደመ ሥራው። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ደብዳቤም አይፈታውም። ልጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የወጣው የእናንተን ፊርማ አይቶ ነው። ኦፈሩን መሻር መብታችሁ ነው ቢባል እንኳ፣ በዚህ የደረሰበትን ጉዳት አንስቶ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ውጤቱ በኦፈሩ አጻጻፍ፣ በቅጹ ፊርማና ማዕረጉን ያጋነነው ማን ነው በሚለው ይወሰናል። አሸናፊው እከሌ ነው የሚላችሁ አማካሪ ካለ ፋይሉን አላነበበም። ሌላም አለ፦ መደቡ «ኃላፊ» ስለተባለ የሥራ መሪ ነው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ፍርድ ቤት የሚያየው ስያሜውን ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ ስለሆነ በዚህ አትተማመኑ። አሁን የለቀቀው መሥሪያ ቤት ቦታውን ገና ካልሞላው ልጁ ሊመለስ ይችል ይሆናል። ለዚህ ነው ማሳወቂያው ዛሬ መውጣት ያለበት፤ እያንዳንዱ የምታዘገዩት ቀን ከልጁ ዕድል ላይ ይቀነሳል።

የደከመውን ሰው ወጪ ስለመተካትም አስቡበት። ለጤና ምርመራ የከፈለው፣ ማስረጃ ለማምጣት የተመላለሰበት ካለ ደረሰኙን ተቀብሎ መክፈል ለድርጅቱ ትንሽ ገንዘብ ነው። ከከፈላችሁ የተከፈለው ለዚያ ወጪ መሆኑን ብቻ ጻፉ። «ለወደፊቱ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት እዚያው አስፈርማችሁ በሁለት መቶ ብር መብት ለመግዛት አትሞክሩ፤ ነገሩን ያባብሰዋል።

በአጭሩ ምክሬ ይህ ነው፦ ያዘጋጃችሁትን ደብዳቤ ቅደዱት፣ የማሳወቂያውን ዛሬ ስጡት፣ አምስቱን ቀን በእውነት ጠብቁ፣ ከዚያ በሥራ መደቡ ልዩነት ብቻ ወስኑ። ፋይሉን በሙሉ፣ የተሳሳተውን የቀን ስሌታችሁን ጭምር፣ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀምጡ።

ለሚቀጥለው ኦፈር ደግሞ «እንደተጠናቀቀ» የሚለውን አውጡና ይህን አስገቡ፦ «ይህ ኦፈር የሚጸናው የትምህርት፣ የሥራ ልምድና የዋስትና ማጣራቱ ያቀረቡት መረጃ ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ማጣራቱ መጠናቀቁን በጽሑፍ እስክናሳውቅዎት ድረስ አሁን ያሉበትን ሥራ እንዳይለቁ እናሳስባለን።»